ጳጉሜን 6ን የዘለለው ትምህርት

(ባሕር ዳር ውስጥ ለኮድ ጸሐፊዎች ስብሰባ ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። ከእራት በፊት የመጨረሻው ተናጋሪ እኔ ነኝ። የዓሣ ጥብሱ ሽታ ከውጭ እየገባ ስለሆነ ብዙ አላንዛዛም።

የማወራችሁ ስለ አንዲት መስመር ኮድ ነው። የጻፋት ሌላ ሰው ነው። የገለበጥኳት እኔ ነኝ። ጣጣው የተረፈው ደግሞ ለአክስቴ ነው።

አክስቴ ከሐይቁ ብዙም የማይርቅ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አላት፤ ስድስት ክፍል። ከውጭ የሚመጡ እንግዶች ክፍል የሚይዙት በፈረንጅ ቀን ነው። እሷ፣ ወጥ ቤቷና ወደ ዘጌ የሚያሻግሩት የጀልባ ካፒቴን ግን የሚኖሩት በእኛ ቀን ነው። በ2011 ክረምት «አንተ ኮምፒውተር ታውቅ የለ?» አለችኝ። የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ የሚቀይርና ለካፒቴኑ ወረቀት የሚያትም ፕሮግራም ሠራሁላት።

እውነቱን ለመናገር ቀን መቀየሩ ላይ ራሴን አላስጨነቅኩም። በ2010 የተሠራ አንድ የአማርኛ ቪዲዮ ነበር። ልጁ ረጋ ብሎ ያስተምራል፤ እያንዳንዷን መስመር ለምን እንደጻፋት ይናገራል። ጎበዝ አስተማሪ ነው፣ ዛሬም እንደዚያ ነው የማስበው። ኮዱን እንዳለ ወሰድኩት። ይኸው፦

```python
from datetime import date

def to_ethiopian(g):
    y = g.year - 7
    if g < date(g.year, 9, 11):
        y = y - 1
    start = date(y + 7, 9, 11)
    days = (g - start).days
    return y, days // 30 + 1, days % 30 + 1
```

ሐሳቡ ቀላል ነው። ዕንቁጣጣሽ በሴፕቴምበር 11 ይውላል ብሎ ይነሳል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስንት ቀን እንዳለፈ ይቆጥራል። ለ30 ሲያካፍለው ወሩ ይመጣል፤ ከማካፈሉ የሚተርፈው ቀኑን ይሰጣል። ወሮቻችን እኩል 30 ስለሆኑ ሌላ ጣጣ የለም። ጳጉሜንም 13ኛ ወር ሆና ሳትጠራ ራሷ ትመጣለች። ያምራል አይደል? እኔም አምሮኝ ነው የወሰድኩት።

አሁን ወደ ታኅሣሥ 2012 እንሂድ። በፈረንጅ ዲሴምበር 15፣ 2019፣ እሑድ ጠዋት ነው። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ጀልባ ማቆሚያው ላይ ቆመዋል። ዘጌ ሄደው ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሊያዩ ነው። በጠዋት መሄድ የፈለጉት ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ነው፤ ጣናን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጀልባው ግን የለም። ካፒቴኑ ጋ ደወልኩ። ቤታቸው ቁርስ ላይ ናቸው።

«ጋሼ፣ እንግዶቹ እየጠበቁዎት ነው እኮ» አልኳቸው።

«ነገ አይደል እንዴ?»

«ኧረ ዛሬ ነው!»

«ወረቀትህ 6 ነው የሚለው። ዛሬ አቦ ነው፤ 5።»

ካፒቴኑ ኪሳቸው ውስጥ ስልክ አለ። ቀን የሚያውቁት ግን በእሱ አይደለም። በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል ነው። የእሳቸው ካላንደር በኮድ አይሳሳትም። ፕሮግራሜ ግን ታኅሣሥ 5ን ታኅሣሥ 6 ብሎ አትሞ ሰጥቷቸዋል።

አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይተው መጡ፤ ጉዞውም ተደረገ። ሲመለሱ ማዕበሉ ተነስቶ ነበር፤ ትንሹ ልጅ መንገዱን ሙሉ ሲያስመልሰው ነበር። አክስቴ ምንም አልተናገረችኝም። ማታ ላይ የድሮ ደብተሯን ከመሳቢያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እሱ ከስድብ ይብሳል።

ዛሬ የመጣሁበት ነገር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ያን ማታ እንደተናደድኩ ለአስተማሪው በቴሌግራም ጻፍኩ። መልእክቱን ሳላሳምር አነብላችኋለሁ፦ «ሰላም። የቀን መቀየሪያህ አይሠራም። ሰው እያሳሳትክ ነው፣ አስተካክል።»

አንድ ሰዓት ሳይሞላ መለሰ፦ «ሰላም ወንድሜ። እኔ ጋ ይሠራል። በአድዋ ሞክሬዋለሁ፤ ቪዲዮው ላይም አለ።»

ድርቅና ነው አልኩ። ከዚያ ራሴ አስኬድኩት። ጦርነቱ የተደረገው በፈረንጅ ማርች 1፣ 1896 ነው። ቀኑን ሰጠሁት፤ `(1888, 6, 23)` አለ። የካቲት 23፣ 1888። ልክ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቁጭ አልኩ። ልጁ አልደረቀም። ያለውን መፈተሻ ፈትሾ ነው የመለሰልኝ። እኔ የሰጠሁት የሚፈተሽ ነገር የለማ! «አይሠራም» ስል ምን ማለቴ ነው? በእኛ ቋንቋ ይቺ ቃል ሰፊ ናት። ፕሮግራሙ አልነሳ ሲል «አይሠራም» እንላለን። ተነስቶ መሐል ላይ ስህተት ጽፎ ሲቆምም «አይሠራም» ነው። እስከ መጨረሻው ሄዶ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥም «አይሠራም» ነው። ሦስተኛው ከሁሉም ይከፋል፤ ምንም ቀይ ጽሑፍ ስለማያሳይ ማንም አይጠረጥረውም። የእኔ ጉዳይ ሦስተኛው ነበር። መልእክቴ ግን ስለ የትኛው እንደማወራ አልተናገረም።

በማግስቱ የአክስቴን የግድግዳ ካላንደር ከኩሽና ነቅዬ አመጣሁ። ኮዱን ከኮድ ጋር ሳይሆን ከካላንደሩ ጋር ላስተያየው አስቤ ነው። ከዓመቱ መገናኛ ጀመርኩ። ሴፕቴምበር 10፣ 2019 ጳጉሜን 5፣ 2011 አለኝ፤ ልክ። ቀጥሎ ሴፕቴምበር 11ን ሰጠሁት። ኮዱ መስከረም 1፣ 2012 አለ። ካላንደሩ ግን ጳጉሜን 6 ነው የሚለው። ተገኘች!

2011 ዘመነ ሉቃስ ነበር። በሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ናት፤ ስለዚህ ቀጣዩ ዕንቁጣጣሽ አንድ ቀን ገፋ ብሎ በሴፕቴምበር 12 ይውላል። ኮዱ ይህን አያውቅም። 2012ን አንድ ቀን ቀድሞ ጀመረው፤ ከዚያ ወዲያ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን እንደቀደመ ሄደ። እስከ ሴፕቴምበር 10፣ 2020 ድረስ 366 ቀን በሙሉ ስህተት ነው። በሴፕቴምበር 11፣ 2020 ግን 2013 በትክክል ይገባና ኮዱ ራሱን ያስተካክላል። ሦስት ዓመት ሰላም። ከዚያ እንደገና።

ቪዲዮው በ2010 የተሠራ ነው ብያችኋለሁ። በ2010 ልጁ የዚያን ዓመት ቀን እየመረጠ መቶ ጊዜ ቢሞክር መቶ ጊዜ ልክ ይመጣለት ነበር። በ2011ም ከጳጉሜን 6 በቀር እንደዚያው። እኔም ክረምቱን ስሞክረው ልክ ነበር። እና አንድ ተንኮል አለች፤ እስካሁን ሳስባት ትገርመኛለች። ኮዱ ጳጉሜን 6ን ያወጣል! የሚያወጣት ግን በ2011 ሳይሆን በ2012 ማብቂያ፣ በሴፕቴምበር 10፣ 2020 ነው። የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 በመሐል ገብታ ዓመቱን 366 ስለምታደርገው ነው። ስለዚህ አንድ ጠንቃቃ ሰው «ጳጉሜን 6 አለች ወይ?» ብሎ ቢፈልግ ያገኛታል፤ ደስ ብሎትም ይተኛል። በዓመት ዘግይታ መምጣቷን ግን ልብ አይልም።

ሁለተኛውን መልእክት የጻፍኩት ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ ነው። እሱንም ላንብብላችሁ።

«ሰላም ወንድሜ። የትናንቱ መልእክቴ ምንም የሚጠቅምህ አልነበረም፤ ይቅርታ። አሁን የሚሞከር ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ኮዱ ይነሳል፣ አይቆምም፤ የሚሳሳተው መልሱ ነው። `start = date(y + 7, 9, 11)` ብለህ የምትጽፍበት ቦታና ከእሷ በላይ ያለችው `if` ናቸው። ይህን አስኪደው፦

```python
print(to_ethiopian(date(2019, 9, 11)))
```

እኔ ጋ `(2012, 1, 1)` ይላል። መሆን ያለበት `(2011, 13, 6)` ነው፤ የግድግዳ ካላንደር ካለህ ተመልከተው። 2011 ሉቃስ ስለነበር ዕንቁጣጣሽ በሴፕቴምበር 12 ነው የዋለው። ከዚያ ቀን እስከ ሴፕቴምበር 10፣ 2020 ያለው ሁሉ አንድ ቀን ይቀድማል። ከዚያ በፊት ያሉትን 2009ን፣ 2010ንና 2011ን ካላንደር አውጥቼ አይቻቸዋለሁ፤ ከዚያች አንዲት ጳጉሜን 6 በቀር ልክ ናቸው። በ30 ማካፈሉ ምንም ችግር የለበትም፤ አትንካው። ይህች የምትበቃ ይመስለኛል፦

```python
def new_year(y):
    day = 12 if y % 4 == 0 else 11
    return date(y + 7, 9, day)
```

በሁለቱም ቦታ `date(...)` ያለውን በ`new_year(y)` ተካው። አድዋ ለምን ልክ እንደመጣ ግን አልገባኝም።»

ስለዚህ መልእክት ሁለት ነገር ልበላችሁ። አንደኛው፣ «በ30 ማካፈሉን አትንካው» ያልኩት ልጁን ለማባበል አይደለም። ስህተት አለብህ የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ያቺን ውስብስብ የምትመስለውን የመጨረሻ መስመር ነው። እሷን መፈታታት ከጀመረ ጤነኛውን ክፍል ያበላሻል። ልክ የሆነውን ለይቶ መንገር የሚፈልግበትን ቦታ ያጠብለታል። «ካላንደር ካለህ ተመልከተው» ያልኩትም ለዚሁ ነው። የእኔን ቃል ማመን የለበትም፤ እኔንም ከግድግዳው ላይ ሊፈትነኝ ይችላል።

ሁለተኛው የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት። ልሰርዛት ነበር። «አልገባኝም» ብሎ መጨረስ ያሳፍራል፤ በተለይ ሰው ለማረም የመጣ ሰው። ግን ልጁ በአድዋ ሞክሬዋለሁ ብሎኛል። እሱን ዝም ብዬ ባልፈው ማስረጃውን እንደናቅኩበት ነው የሚቆጠረው። ተውኳት።

መልሱ በሚቀጥለው ቀን መጣ። «2019 ላይ ልክ ነህ፤ አየሁት። ግን ያንተን አስገብቼ አድዋን ስሞክር የካቲት 22 ሆነ።»

በቃ ሳቅኩ። አክስቴ ምን ሆንክ አለችኝ። የሰው ስህተት አርማለሁ ብዬ አድዋን አበላሸሁት አልኳት። «ይበልህ» አለችኝ፤ ደብተሩን ገና አልመለሰችውም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ የሁለታችን ሆነ። ሁለት ማታ ተጻጻፍን። ያገኘነው ይህን ነው። ፈረንጆቹ በየአራት ዓመቱ ፌብሩዋሪን 29 ያደርጋሉ፤ ግን መቶውን የሚሞሉትን ዓመታት፣ ለ400 ካልተካፈሉ በስተቀር፣ ይዘላሉ። 1900ን ዘለሉት። እኛ ደግሞ አንዘልም፤ ሉቃስ በመጣ ቁጥር ጳጉሜን 6 ናት። ስለዚህ ከ1900 በፊት በነበረው መቶ ዓመት ሁለቱ ካላንደሮች ዛሬ ካላቸው ርቀት በአንድ ቀን ያነሰ ነበራቸው። ያኔ መስከረም 1 በአብዛኛው ሴፕቴምበር 10፣ ከሉቃስ ማግሥት ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ይውል ነበር። አድዋ የሆነበት 1888 ከሉቃስ ማግሥት ያለው ዮሐንስ ነው። ስለዚህ ዕንቁጣጣሹ በሴፕቴምበር 11፣ 1895 ዋለ።

የልጁ ኮድ ሁልጊዜ 11 ነው የሚለው። የጳጉሜን 6ን ነገር ባለማወቁ በአንድ ቀን ተሳስቷል፤ የ1900ን ነገር ባለማወቁ በሌላ አቅጣጫ በአንድ ቀን ተሳስቷል። ሁለቱ ተጣፉ። አድዋን የሚያህል ቀን መርጦ፣ መጽሐፍ አይቶ፣ በጥንቃቄ ሞክሮ ልክ የመጣለት ሁለት ስህተት ስለተገናኙ ነው። እኔ አንዱን ብቻ ሳርም ሌላው ብቻውን ቀርቶ ፊቱን አሳየ። በነገራችን ላይ ጦርነቱ ማርች 1 ተደርጎ እኛ ዛሬ በማርች 2 የምናከብረው ለዚሁ ነው። የካቲት 23 አልተነቃነቀም፤ የተንቀሳቀሰው የፈረንጁ ነው።

የእኔ እርማት ከ1900 በኋላ ይሠራል፤ በሴፕቴምበር 2100 ግን ይወድቃል፣ ያን ዓመትም ፈረንጆቹ ይዘሉታልና። ለአክስቴ ማረፊያ በቂ ነው። ለሚያስተምር ሰው ግን አይበቃም። ተማሪው የአያቱን የልደት ቀን ነው መጀመሪያ የሚያስገባው፤ የታሪክ ተማሪ ከሆነ ደግሞ መቅደላን።

መፍትሔውን ያመጣው እሱ ነው። «ዕንቁጣጣሽን በፈረንጅ ወር ላይ ለምን እንቸነክረዋለን? ከእኛው መስከረም 1፣ ዓመት 1 ተነስተን እንቁጠር» አለ። ፓይተን እያንዳንዱን ቀን ከፈረንጆቹ ዓመት 1 ጃንዋሪ 1 ጀምሮ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል። በዚያ ቆጠራ የእኛ የመጀመሪያው መስከረም 1 ተራ ቁጥሩ 2796 ነው። ከዚያ በየዓመቱ 365 ቀን፣ በየሉቃሱ አንድ ቀን መደመር ብቻ ነው።

```python
def new_year(y):
    n = 2796 + 365 * (y - 1) + y // 4
    return date.fromordinal(n)
```

መቶ ዓመት የለ፣ መዝለል የለ። የፈረንጁን መዝለል ፓይተን ራሱ ይሸከመዋል። ሦስት ቀን ሰጠነው። ማርች 1፣ 1896 የካቲት 23 አለ። ሴፕቴምበር 11፣ 2019 ጳጉሜን 6 አለ። ዲሴምበር 15፣ 2019 ታኅሣሥ 5 አለ፤ አቦ።

የቀረው ቪዲዮው ነው። የተለቀቀ ቪዲዮ ውስጥ ገብታችሁ አንድ መስመር መቀየር አትችሉም። ልጁ አጥፍቶ እንደገና ሊቀርጸው ፈልጎ ነበር። ተው አልኩት። ብዙ ሰው አድራሻውን ይዞታል፤ አዲሱን ፈልጎ የሚያገኘው ጥቂቱ ነው፤ ያረጀውን ኮድ የገለበጠው ደግሞ ምን እንደተፈጠረ እንኳ አያውቅም። ከቪዲዮው ሥር ያለውን ኮድ በአዲሱ ተካው። ከሁሉም በላይ አንድ አጭር አንቀጽ ጻፈ፤ የትኛዋ መስመር እንደተለወጠችና ለምን። አጭር ተጨማሪ ቪዲዮም ቀረጸ፤ አድዋ እንዴት እንዳሞኘው በራሱ አፍ ይናገራል። ለእኔ ከዋናው ይልቅ እሱ ያስተምራል።

አንድ ነገር እንዲጨምርልኝ ለመንኩት፤ የተበላሹትን ቀኖች ከየት እስከ የት እንደሆኑ። ኮድ መቀየር ለነገ ነው። ትናንት የታተመውን ወረቀት አይቀይረውም። እንደ እኔ ገልብጦ ለሰው የሰጠ ሰው «ከሴፕቴምበር 11፣ 2019 እስከ ሴፕቴምበር 10፣ 2020» የሚለውን ካነበበ የትኛውን መዝገብ እንደሚከፍት ያውቃል። ጻፈው። እኔም መዝገቤን ከፈትኩ። ደግነቱ የፈረንጁንም ቀን አብሬ አስቀምጬ ስለነበር እንደገና ማስላት ቀላል ነበር። የእኛን ብቻ አስቀምጬ ቢሆን ኖሮ የትኛው በአሮጌው፣ የትኛው በአዲሱ ኮድ እንደተቀየረ መለየት ራሱ ሌላ ሥራ ነበር።

ያን ጊዜ ነው የጥምቀቱን ያየሁት። በ2012 ጥር 11 የዋለው ጃንዋሪ 20 ነው። አሮጌው ኮድ ጃንዋሪ 19ን ጥር 11 ይላል። ጃንዋሪ 19 ደግሞ በሌላው ዓመት እውነትም ጥምቀት ነው፤ ስለዚህ ማንም አይጠይቅም። ለጥምቀት ብለው ክፍል ከያዙት ሁለቱ በ20 ጠዋት ሊሄዱ ነበር፤ ታቦቱ ወደ መንበሩ ሲመለስ እነሱ አውሮፕላን ውስጥ። ጻፍንላቸው፤ አንድ ሌሊት ጨመሩ። አክስቴ ደብተሩን ወደ መሳቢያው የመለሰችው ያን ቀን ነው።

አዲሱን ወረቀት ለካፒቴኑ ራሴ ወሰድኩላቸው። ጀልባቸውን ውኃ እያፈሰሱላት ነበር። ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዙትና አዩት።

«አሁን ልክ ነው?» አሉኝ።

«ልክ ነው ጋሼ።»

«ባለፈውም ልክ ነው ብለኸኝ ነበር።» ወረቀቱን መለሱልኝ። «ከቁጥሩ አጠገብ ማን እንደሆነ ጻፍበት።»

ጻፍኩበት። ከዚያ ወዲህ የሚታተመው «ጥር 12፣ ሚካኤል» እያለ ነው። ካፒቴኑ ቁጥሩን አያዩትም።